ቁጥሬ ያልደረሰበት የለም፣ አሁን ዩዘርኔም ባደርግ ይጠቅመኛል?

«ሰላም እትዬ እንደምን አለሽ። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ በቴሌግራም ቻናል እየሸጥኩ ባህር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ በመኪና እልካለሁ። ቁጥሬን ቻናሉ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ እሽጉ ላይም አለ። አሁን አንድ የማላውቀው ሰውዬ ማታ ማታ እየደወለ፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ፎቶዬን እያየ «ዛሬ ነጠላ አምሮብሻል» ምናምን እያለ ይጽፍልኛል። ወንድሜ «ሲሙን ጣይው፣ ቻናሉንም ዝጊው» ይላል። እኔ ግን ሥራዬ ነው፣ እናቴም ገጠር ያለችው በዚሁ ቁጥር ነው የምታገኘኝ፣ ባንኬም ከሱ ጋር ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ዩዘርኔም አድርጊና ቁጥርሽን ደብቂው አለችኝ። እውነት ይደበቃል? እሱ ሰውዬስ ቁጥሬን ከያዘ በኋላ ምን ዋጋ አለው? ሲግናል የሚባለውስ ይሻላል? ምከሪኝ። ግራ የገባት ከፍኖተ ሰላም»

ሰላም እታለም፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ቁጥርሽን የለጠፍሽው ለገበያ ነው፣ ሰው ደግሞ ቁጥር አየ ማለት ማታ ይደውል ማለት አይደለም፣ ስለዚህ «እኔው ነኝ ያመጣሁት» የሚል ሀሳብ ውስጥሽ ካለ አውጪው። ወንድምሽም ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ፈርቶልሽ ነው፣ ግን ያለሽ መንገድ ጭራሽ ሲሙን ወንዝ ውስጥ በመጣልና ዝም ብሎ በመቻል መካከል ብቻ አይደለም። ሲሙን ዝም ብሎ መጣል እንደውም አደጋ አለው፣ ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ ያ ሰው ደግሞ በአንቺ ቁጥር ቴሌግራም ልክፈት ሲል መግቢያ ኮዱ የሚመጣው ለሱ ነው። እና እሱን ለጊዜው ተይው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዩዘርኔም የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፣ ሰው አንቺን የሚያገኝበት ሌላ ስም ይሰጥሻል። ቴሌግራም ላይ ቢያንስ አምስት ፊደል ሆኖ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቁጥርና በታች ሰረዝ የሚጻፍ ነው፣ ደንበኛሽ ስሙን ሰርች አድርጎ ወይ ሊንኩን ነክቶ ይጽፍልሻል፣ ቁጥርሽን ማወቅ አያስፈልገውም። እስከዚህ ጓደኛሽ ልክ ናት። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ዩዘርኔም ስላወጣሽ ብቻ ቁጥርሽ አይደበቅም! ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መደበቂያው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

Settings ግቢ፣ Privacy and Security የሚለውን ንኪ፣ ከዛ Phone Number። እዛ ገጽ ላይ «ቁጥሬን ማን ይየው» የሚል ጥያቄ አለ፣ Everybody፣ My Contacts፣ Nobody የሚሉ ምርጫዎች አሉት። Nobody ስትይ ከሥሩ ቅድም ያልነበረ ሌላ ጥያቄ ብቅ ይላል፣ Who can find me by my number የሚል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ሞልቶ ይወጣል፣ ይሄን ግን አያየውም። ላንቺ ዋናው እሱ ነው። Everybody ላይ ከተተወ ቁጥርሽን በሌላ መንገድ ያገኘ ሰው፣ ለምሳሌ ከበርበሬው እሽግ ላይ አንብቦ ስልኩ ላይ ሴቭ ያደረገ ሰው፣ ቴሌግራም ሲከፍት አካውንትሽ ይመጣለታል፣ ፎቶሽም ክፍት ከሆነ ያየዋል። ሰውዬው እንዲህ አድርጎ ነው ያገኘሽ ብዬ ነው የምጠረጥረው። ወደ My Contacts ስትቀይሪው ግን በቁጥር ሊያገኙሽ የሚችሉት አንቺ ራስሽ መዝግበሽ የያዝሻቸው ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሌላው ቁጥርሽን ሴቭ ቢያደርግም ቴሌግራም እንደሌለሽ ነው የሚቆጥረው።

«እሱ ግን አስቀድሞ አግኝቶኛል እኮ» ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፣ አልዋሽሽም፣ ቅንብሩ የሚሠራው ከአሁን ወዲያ ላለው ነው። እሱ ጋ የተከፈተው ቻት እንዳለ ይቆያል፣ ስልኩ ላይ የያዘውንም ቁጥር ማንም አያጠፋለትም። እሱን በብሎክ ነው የምትጨርሺው፣ ብሎክ ስታደርጊው ሊጽፍልሽም ሊደውልልሽም አይችልም፣ ፕሮፋይል ፎቶሽንና መቼ ኦንላይን እንደነበርሽም አያይም። ከዛ በሌላ ሲም አዲስ አካውንት ከፍቶ ቁጥርሽን ቢያስገባ ነው ያ ሁለተኛው ቅንብር የሚያግዝሽ። ደህና፣ መደበኛውን የስልክ ጥሪ ግን ቴሌግራም ምንም አያደርገውም፣ እሱን ስልክሽ ላይ ባለው ብሎክ ነው የምትዘጊው።

ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ግን የጻፈልሽን ሁሉ ስክሪንሾት አንሺ፣ ስሙ፣ ዩዘርኔሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ። ቻቱን አታጥፊው። የደወለበትንም ዝርዝር እንዲሁ። ከዚህ አልፎ ማስፈራራት ውስጥ ከገባ ፖሊስ ጋ ይዘሽው የምትሄጂው ነገር ይኖርሻል፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ፣ ቁጥር 958/2008፣ በኔት ሰው ማስፈራራትን ይመለከታል። ይሄን ለብቻሽ አትያዥው፣ ለወንድምሽም አሳዪው፣ «ሲሙን ጣይ» ከሚልሽ አብሮሽ ቢሄድ ይሻላል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ እያሰብሽበት አንብቢኝ። ያ አካውንት የማን ነው፣ የአንቺ ነው ወይስ የበርበሬው? የጻፍሽልኝን ሳየው የሁለታችሁም ይመስለኛል። ነጠላ የለበስሽበት ፎቶ ለዘመድና ለጓደኛ ነው የተለጠፈው፣ በዚያው አካውንት ደግሞ ከአዲስ አበባ የማታውቂው ሰው «ኪሎው ስንት ነው» እያለ ይገባል። እኔ ብሆን እነዚህን ሁለቱን ነበር የምለያያቸው፣ ለዚህም አሮጌውን ቁጥር መደበቅ ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አሮጌው ቁጥር እሽግ ላይ ወጥቷል፣ ሰው ፎርዋርድ ያደረገው ፖስት ላይ አለ፣ መልሰሽ አትሰበስቢውም።

እንዲህ ብታደርጊስ። ያለሽን ሲም አትንኪው፣ የእናትሽና የባንክሽ ሆኖ ይቀመጥ። አንድ አዲስ ሲም አውጪና እሱን ለሥራው ብቻ አድርጊው፣ ስልክሽ ሁለት ሲም የሚቀበል ከሆነ ሌላ ቀፎም አያስፈልግሽም፣ ቴሌግራም በአንድ አፕ ሦስት አካውንት ድረስ ይይዛል። Add Account ብለሽ በአዲሱ ቁጥር ትከፍቻለሽ። እንደከፈትሽ፣ ለማንም ሳትጽፊ፣ መጀመሪያ የምታደርጊው ቅድም ያልኩሽን ነው፣ Nobody ከዛም My Contacts። ኮንታክትሽን ላንብብ ብሎ ከጠየቀሽ ለዚህኛው አካውንት አትፍቀጂለት፣ የሥራው አካውንት የአክስትሽን ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም። ደሞ አዲስ ሲም ተብሎ የተሰጠሽ ቁጥር ድሮ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ያንን ቁጥር የያዙ የማታውቂያቸው ሰዎች «ቴሌግራም ገባ» የሚል መልእክት ደርሷቸው ሊጽፉልሽ ይችላሉ፣ እንዳትደነግጪ። Two-Step Verification የሚለውንም ክፈችና የይለፍ ቃል ስጪው፣ ሲሙ ቢጠፋ እንኳን ሌላ ሰው በኮድ ብቻ እንዳይገባብሽ።

ከዛ ዩዘርኔም ታወጫለሽ። ስሙ ውስጥ የትውልድ ዓመትሽን ወይ የስልክሽን የመጨረሻ ቁጥሮች አትክተቺ፣ ብዙ ሰው ይሄን ያደርጋል እኮ፣ ቁጥሩን ደብቆ ግማሹን ስሙ ላይ ይጽፈዋል። ፌስቡክ ወይ ቲክቶክ ላይ የምትጠቀሚበትን ስምም አትድገሚው፣ ያንኑ ስም እዛ የፈለገ ሰው ሌላውን ሁሉ ያገኝሻል። የሥራሽን ስም ይዞ የሚሄድ ይሁን፣ ፎቶውም የበርበሬው ይሁን። አንዴ ካወጣሽው ደግሞ አትቀያይሪው፣ የተውሽውን ስም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፣ የድሮ ደንበኛሽ ደግሞ አንቺ መስለሻት ብር ብትልክ ማን ይመልስላታል?

ቻናሉን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለሽ። ቻናል ላይ የምትለጥፊው በቻናሉ ስም ስለሆነ፣ Sign Messages የሚለውን ካልከፈትሽ በቀር ለጣፊዋ ማን እንደሆነች ተከታይ አያይም፣ ተከታዮችም እርስ በርስ አይተያዩም። ስለዚህ አዲሱን አካውንት አድሚን አድርጊውና ማብራሪያው ላይ ያለውን ቁጥር አጥፍተሽ በምትኩ ዩዘርኔሙን ጻፊ። ባለቤትነቱን ሙሉ በሙሉ ለማዛወር ከፈለግሽ ግን ቴሌግራም የቻናሉ ባለቤት በሆነው በአሮጌው አካውንትሽ ላይ Two-Step Verification ከተከፈተ ሰባት ቀን እንዲሞላው ይጠብቃል፣ ስለዚህ አትቸኩዪ፣ ለጊዜው አድሚንነቱ ይበቃል። ከዛ ወደ ኋላ ሄደሽ የድሮ ፖስቶችን እያየሽ ጽሁፉ ላይ ቁጥር ያለበትን ኤዲት አድርጊ። ፎቶው ላይ ስቲከሩ የሚታይበት፣ ማለትም ፌስታሉ ላይ ቁጥርሽ የሚነበብበት ፎቶ ከሆነ ግን ጽሁፉን ብቻ ኤዲት ማድረግ አያዋጣም፣ አጥፍተሽ ሌላ ፎቶ ለጥፊ።

አሁን የምነግርሽ ነገር ላይ ልብ በይ፣ ምክንያቱም ቁጥር ተደብቆ ተደብቆ የሚወጣው በዚህ ነው። ደንበኛ ስትጽፍልሽ ቴሌግራም ከላይ Add to Contacts ይልሻል። ስትነኪው የሚመጣው ገጽ ላይ ቁጥርሽን ለዚህች ሰው ላሳይ ወይ የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፣ ራይት ተደርጎ ሊመጣ ይችላል፣ ሳታይው እሺ ካልሽ Nobody ያልሽው ለሷ አይሠራም፣ ቁጥርሽ ይታያታል። ራይቱን አንስተሽ እሺ በይ። ቦቶችም እንዲሁ ናቸው፣ ቦት ስትጀምሪ ቁጥርሽን በራሱ አያይም፣ ግን «ቁጥርዎን ያጋሩ» የሚል በተን ያመጣና አንቺ ስትነኪው ይወስደዋል። ለማታውቂው ቦት አትንኪው።

የቴሌግራሙ ይሄ ነው፣ ከቴሌግራም ውጪ ያለው ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ብር እንዴት ነው የምትቀበይው? በቴሌብር ከሆነ አካውንትሽ ራሱ ስልክ ቁጥርሽ ነው፣ «በዚህ አስገቢልኝ» ስትይ የደበቅሽውን በራስሽ እጅ ሰጠሽ ማለት ነው። የባንክ ሂሳብ ቁጥር ብትሰጪ ስልክሽ አይወጣም፣ ግን ብር የሚልከው ሰው ሲያስገባ ስምሽ ከነአባትሽ ይመጣለታል። የቱ ነው የሚከብድሽ፣ ስምሽ መታወቁ ወይስ ቁጥርሽ? ለኔ ቁጥሩ ይከብዳል፣ በስም ማንም ማታ ደውሎ አይቀሰቅስሽም፣ ግን ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፣ ስም ብቻውን ቤት ድረስ ሊያደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ይሄን አንቺ ነሽ የምትመዝኚው። ቴሌብር የግድ ካስፈለገ ደግሞ በአዲሱ ሲም ይሁን፣ ያ ቁጥር ቢወጣም የሥራው ብቻ ነው፣ ማታ ታጠፊዋለሽ።

መኪናውም አለ። ካርቶኑ ላይ በማርከር የላኪም የተቀባይም ቁጥር ይጻፋል አይደል፣ መናኸሪያ ውስጥ ስንት ሰው ያነበዋል። የላኪን ቁጥር እዛ ላይ ለምን ትጽፊያለሽ? ረዳቱ የሚያስፈልገው የተቀባይዋ ቁጥር ነው፣ ለተቀባይዋ ደግሞ የታርጋውንና የረዳቱን ስልክ በቴሌግራም ትልኪላታለሽ፣ እነሱ ይገናኛሉ። ረዳቱ የግድ የላኪ ካለሽ የአዲሱን ሲም ጻፊ። የደንበኞችሽንም ቁጥር አስቢላቸው፣ እነሱም እንዳንቺ ናቸው፣ ስማቸውን ሙሉ ከነቁጥሩ ካርቶን ላይ አትደርድሪው፣ የመጀመሪያ ስም ይበቃል።

ሲግናል ይሻላል ወይ ላልሽኝ፣ ለገበያ አይመችሽም። ዩዘርኔም የጀመረው በ2024 መጀመሪያ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አሠራሩም ከቴሌግራም ይለያል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ቢያንስ ሁለት አሃዝ አለው፣ ሰው አንቺን ለማግኘት ስሙን ከነአሃዙ በትክክል ማስገባት አለበት፣ እንደ ቴሌግራም ግማሹን ጽፎ ዝርዝር አይመጣለትም። ቁጥርሽም ቀድሞ ላልያዘው ሰው ሳትነኪው የተደበቀ ነው። ላንቺ ግን ደንበኛ እንዲያገኝሽ ትፈልጊያለሽ፣ ለዛ ቴሌግራም ይሻላል። ከወንድምሽ ወይ ከእጮኛሽ ጋር ለብቻ ለማውራት ከሆነ ሲግናል ጥሩ ነው። ሁለቱም ግን ስትመዘገቢ ቁጥር ይጠይቁሻል፣ ዩዘርኔም ቁጥርሽን ከሌላ ተጠቃሚ ነው የሚደብቀው፣ ከድርጅቱ አይደለም። ቴሌግራም ቁጥርሽን ያውቀዋል፣ በህግ በአግባቡ ከተጠየቀም ቁጥርና አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ስልክ ኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ከ2024 ጀምሮ ፖሊሲው ላይ ጽፎታል። ይሄ ደግሞ ላንቺ ክፉ ዜና አይደለም፣ ያ ሰውዬም በዩዘርኔም ተሸሽጌያለሁ ብሎ እንዳያስብ ነው።

የምታጪው ነገርም አለ፣ እሱን ሳልነግርሽ አልቀርም። ስልክ ደውለው ብቻ የሚያዙ እናቶች አሉሽ፣ ዩዘርኔም የሚባለው አይገባቸውም። ለነሱ ምን ታደርጊያለሽ? የድሮዎቹን፣ የምታምኛቸውን፣ በያዙት ቁጥር ቀጥይ፣ አዲስ ለሚመጡት ደዋዮች ግን የሥራውን ሲም ስጪና ሰዓት ወስኚ፣ ቻናሉ ላይም «ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 12» ብለሽ ጻፊ። በቴሌግራም ጥሪ የሚያወሩሽ ካሉ Privacy and Security ውስጥ Calls ግቢና Peer-to-Peer የሚለውን Nobody አድርጊው፣ ካልሆነ ስታወሪ አይፒ አድራሻሽ ለሌላኛው ወገን ሊታይ ይችላል።

ሁሉን ጨርሰሽ «አሁን ተደብቄያለሁ ወይ» ብለሽ ስትጠራጠሪ በራስሽ ስልክ አትፈትሺው፣ በራስሽ ፕሮፋይል ላይ ቁጥርሽ ሁሌም ይታይሻል፣ እሱ ላንቺ ብቻ ነው። የሥራው አካውንት ኮንታክት ውስጥ የሌለች ሰው ፈልጊ፣ የጎረቤት ልጅ ትሁን። መጀመሪያ በሷ ስልክ ዩዘርኔምሽን ሰርች አድርጋ ፕሮፋይሉን ትክፈት፣ ስም፣ ፎቶና ዩዘርኔም ብቻ መታየት አለበት፣ ቁጥር ከመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ Nobody ላይ አይደለም ማለት ነው። ቀጥላ አዲሱን ቁጥርሽን ስልኳ ላይ ሴቭ ታድርገውና ቴሌግራሟን ዘግታ ትክፈት። ስምሽ ኮንታክቷ ውስጥ ከመጣ ሁለተኛው ጥያቄ አሁንም Everybody ላይ ነው ያለው፣ ተመለሽና ቀይሪው። ይህንኑ ፈተና በአሮጌው አካውንትሽም ድገሚው፣ ግን በሌላ ሰው ስልክ ይሁን፣ ቁጥርሽን ድሮም የያዘች ጓደኛሽ ስልክ ላይ ብትሞክሪው ይታይሻል፣ ያኔ «አልሠራም» ብለሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ። ፈትሸሽ ስትጨርሺ ልጅቷ ቁጥሩን ታጥፋልሽ፣ ከዛ ምን እንዳየሽ ጻፊልኝ፣ ያልገባሽ ቦታ ካለም አብረን እናየዋለን።